በረንዳው ብቻ የእኔ ነው

ሄኖክ፦ እሺ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ ሌቨሬጅ ነው የምናወራው። በተበደሩት ገንዘብ ንብረት መግዛት ማለት ነው። ግን መጀመሪያ የአጎቴን የቤት ምርቃት ልንገርሽ።

ሰላም፦ ጀመረ! ባለፈውም ሳምንት አጎትህ ነበሩ።

ሄኖክ፦ ይሄኛው ከርዕሱ ጋር ይገናኛል። በፈረንጆቹ 2006 ነው፣ ሜሪላንድ። በግ ታርዷል፣ ሰው በረንዳ ላይ ሞልቷል። አጎቴ ጭልፋውን ይዞ ቆመና «ይሄ ቤት የእኔ ነው!» አለ። አክስቴ ከወጥ ቤት ሆና «በረንዳው ብቻ ነው የአንተ፣ ሌላው የባንክ ነው» አለችው።

ሰላም፦ (ሳቅ) ወይኔ! በእንግዳ ፊት?

ሄኖክ፦ በእንግዳ ፊት። እስከ ዛሬ ድረስ ስንሄድ «በረንዳዬ ላይ ተቀመጡ» ይለናል። ግን አክስቴ ልክ ነበረች። ለቀላል ሂሳብ ቁጥሩን ላስተካክለው። ቤቱ 400,000 ዶላር ነው እንበል። ከኪሱ 40,000 ከፈለ። 360,000ውን ባንክ አበደረው።

ሰላም፦ አንድ አስረኛው የእሳቸው፣ ዘጠኙ የባንክ።

ሄኖክ፦ አዎ። አሁን የቤቱ ዋጋ በመቶ 10 ጨመረ። 440,000 ሆነ። ሸጦ ለባንኩ 360,000 ቢመልስ ስንት ይቀረዋል?

ሰላም፦ 80,000።

ሄኖክ፦ 40,000 አስገብቶ 80,000 አወጣ። እጥፍ! ቤቱ ያደገው በመቶ 10፣ ገንዘቡ ያደገው በመቶ 100። ቤቱን በሙሉ በራሱ ገንዘብ የገዛ ሰው ግን 400,000 አስገብቶ 40,000 ነው ያተረፈው። በመቶ 10 ብቻ።

ሰላም፦ ታዲያ አጎትህ ልክ ናቸዋ። እኔም ነገ እገዛለሁ።

ሄኖክ፦ ቆይ! አሁን በመቶ 10 ይቀንስ። 360,000 ሆነ። ዕዳው ስንት ነው?

ሰላም፦ 360... ኧረ! ምንም አልቀራቸውም።

ሄኖክ፦ ምንም። በራሱ ገንዘብ የገዛው አንድ አስረኛ ነው የጎደለበት። የአጎቴ ግን ሙሉ በሙሉ ተጠራርጎ ሄደ።

ሰላም፦ እዚህ ጋ አልገባኝም። ዘጠኙ የባንክ ከሆነ ኪሳራውም ዘጠኙ እጅ ለምን የባንክ አይሆንም?

ሄኖክ፦ እሱ ነው ዋናው ነገር! ባንኩ የሰጠው ገንዘብ ነው እንጂ ክፍል አልገዛም። ዋጋው ወጣም ወረደም ዕዳው 360,000 ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጉድለት በሙሉ ከአጎቴ በረንዳ ነው የሚቆረጠው። ትርፉም በሙሉ ወደ በረንዳው ነው የሚጨመረው። 400,000ን ለ40,000 አካፍይ፤ 10 ነው። የቤቱ ዋጋ በመቶኛ የተለወጠውን በ10 ታባዢዋለሽ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም። 80,000 አስገብቶ ቢሆን ኖሮ በ5 ነበር የሚባዛው።

ሰላም፦ ከዚያም በታች ከወረደስ?

ሄኖክ፦ ወረደ እንጂ! አሜሪካ ውስጥ የቤት ዋጋ ከ2006 እስከ 2012 በአማካይ ከሩብ በላይ ነው የወረደው። በመቶ 20 ብቻ ወረደ በይ፤ ቤቱ 320,000፣ ዕዳው 360,000። በረንዳው አለቀ፣ ላዩ ላይ 40,000 ዕዳ።

ሰላም፦ ግን ካልሸጡት ምን ከሰሩ? ወርሃዊ ክፍያቸውን እየከፈሉ ዝም ብለው መኖር ነው።

ሄኖክ፦ ከቻለ እውነትሽን ነው። የቤት ብድር ዋጋ ስለወረደ ብቻ «አምጣ» አይልሽም። በብድር አክሲዮን ብትገዢ ግን ደላላው ድርጅት ይደውላል። ገንዘብ ጨምሪ ይልሻል፣ ካልጨመርሽ ይሸጥብሻል። በ1929 ኒው ዮርክ አንዳንዱ ሰው የአክሲዮኑን ዋጋ አንድ አስረኛ ብቻ እየከፈለ ነበር የሚገዛው።

ሰላም፦ እንደ አጎትህ።

ሄኖክ፦ እንደ አጎቴ! እሱን የጎዳው ግን ወለዱ ነው። ወለዱ ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚቀየር ዓይነት ነበር። ክፍያው አደገ፣ የታክሲ ሥራው ቀዘቀዘ። መጠበቅ አልቻለም። ደግሞ ዋጋው ባይንቀሳቀስም ወለድ አለ። በዓመት በመቶ 6 ቢሆን የ360,000 ወለድ 21,600 ነው። ካስገባው 40,000 ከግማሽ በላይ!

ሰላም፦ እሱን አልቀበልም። ኖረውበታል እኮ! ቢከራዩስ ይከፍሉ አልነበር?

ሄኖክ፦ እሺ፣ የኪራዩን ቀንሽለት።

ሰላም፦ ስንት ልቀንስ?

ሄኖክ፦ እሱን አክስቴን ጠይቂ። ሂሳቡን እሷ ናት የያዘችው።

ሰላም፦ አሁን በረንዳ ላይ ተቀመጡ የሚሏችሁ ታዲያ የቱ በረንዳ ነው?

ሄኖክ፦ የተከራየው አፓርታማ። ሦስተኛ ፎቅ። ወንበር ሁለት ብቻ ነው የሚይዘው።