ያየነውን እንጻፍ፦ በነርሶች ቀን ደብረ ብርሃን ላይ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የክብር እንግዶች፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከአጣዬ፣ ከእነዋሪ፣ ከአንኮበርና ከሸዋ ሮቢት ድረስ የመጣችሁ ነርሶችና አዋላጆች፣ እንኳን ለዓለም አቀፉ የነርሶች ቀን አደረሳችሁ። ብዙዎቻችሁ የሌሊት ተራ አድራችሁ፣ እንቅልፍ ሳይዛችሁ በቀጥታ ወደዚህ እንደመጣችሁ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ወደ ነገሬ ቶሎ እገባለሁ።

ግንቦት 4 በመጣ ቁጥር የፍሎረንስ ናይቲንጌል ፋኖስ ይነሳል። በክራይሚያ ጦርነት ወታደሮቹ በምን ምክንያት እንደሚሞቱ ወር በወር አስልታ በሥዕል ያቀረበች ሴት መሆኗ ግን እምብዛም አይወራም። እኔ ዛሬ የመጣሁት ስለ ጽሕፈት ልናገር ነው። በየካርዱ ላይ ስለምንጽፋት፣ አንዳንዴ ሁለት መስመር ስለማትሞላው ማስታወሻ።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ሆስፒታሉን አልጠራም፣ ሰዎቹንም አልጠራም። የገበያ ቀን ነበር። ከመናኸሪያው አጠገብ የወደቀ አንድ ጎልማሳ ሦስት ወጣቶች ተሸክመው ድንገተኛ ክፍል አመጡት። «ጠጥቶ ነው» አሉና ሄዱ። አፉ አረቄ አረቄ ይላል። ካርዱ ላይ እንዲህ ተጻፈ፦ «ሰክሮ የመጣ። ተኝቷል። ቫይታል ሳይን ስቴብል። ክትትል ይደረግለት።» ሰውየው ወደ ማቆያ ክፍል ተዛወረ። የማቆያዋ ነርስ ካርዱን አነበበችና «የሰከረ ሕመምተኛ፣ ተኝቷል» ብላ ጻፈች። ሌሊት የተረከበው ደግሞ «አሁንም ተኝቷል፣ ችግር የለም» አለ። ሦስት ሰው ጻፈ፤ ሦስቱም የጻፉት የመጀመሪያዋን ቃል ነው።

ጠዋት የቀን ተረኛ ሆኜ ገባሁ። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እህቱ መጣች። በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችው የኢንሱሊን ብልቃጥ ነበር። «ትናንት መርፌውን ወግቶ እህል ሳይቀምስ ገበያ ወጣ» አለችን። አርቢኤስ የምንለው የደም ስኳሩ ሲለካ 24 ነበር፤ እጅግ ወርዷል። 40 በመቶ ግሉኮስ በደም ሥር ሰጠነው፤ ወዲያው አልነቃም። ሰውየው ተርፏል። ከሆስፒታል ሲወጣ ግን የልጆቹን ስም ያምታታ ነበር።

አረቄ መጠጣቱ ውሸት አይደለም፤ ጠጥቷል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ባዶ ሆድ ላይ የገባ አልኮል ጉበት ስኳር ሠርቶ ወደ ደም እንዳይለቅ ያግዳል። ስለዚህ ኢንሱሊን የወጋ ሰው አረቄ ከሸተተ ስኳሩ የመውረድ ዕድሉ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። «ሰክሯል» የምትለው ቃል ግን ነገሩን ዘጋችው። ምርመራ ሳይደረግ ምክንያት ተጻፈ፤ ምክንያት ከተጻፈ በኋላ የሚፈልግ ሰው አይኖርም።

አሁን ያቺኑ ምሽት እንደገና እንጻፋት። ልክ ያኔ አልጋው አጠገብ እንደቆምን አድርገን።

«ከምሽቱ 3:10። ሦስት ሰዎች ከመናኸሪያ አመጡት፤ ‹ጠጥቶ ነው› ብለዋል። አብሮት የቀረ ቤተሰብ የለም፤ የቀድሞ ሕመሙ አይታወቅም። ከአፉ የአልኮል ሽታ አለ። ሲጠሩት አይመልስም፤ ደረቱን ሲጫኑት ዓይኑን ይከፍታል፣ ያቃስታል፣ ቃል አይናገርም፣ እጁን ወደተጫኑት ቦታ ያመጣል። የንቃት ደረጃ ጂሲኤስ 9። ገላው ቀዝቃዛ፣ ሸሚዙ በላብ ርሷል። የደም ግፊት 130/80፣ የልብ ምት 112፣ ትንፋሽ 18። ራሱ ላይ የሚታይ ቁስል የለም። አርቢኤስ 31። 3:15 ለተረኛ ሐኪም በስልክ ተነግሯል። በታዘዘው መሠረት 3:20 ላይ 40 በመቶ ግሉኮስ 60 ሚሊ ሊትር በደም ሥር ተሰጥቷል። 3:35 ስሙን ተናገረ፤ አርቢኤስ 118።»

ይህን ለመጻፍ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? እስቲ ልብ በሉ። «ሰክሯል» የሚል ቃል የትም የለም፤ ሽታው ግን አለ። የወጣቶቹ ግምት አልተጣለም፤ የእነሱ ቃል ሆኖ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ተቀምጧል። ሸሚዙም ርሷል። በደብረ ብርሃን ብርድ፣ በምሽት፣ ሸሚዝ በላብ የሚርስ ሰው ምን ሆነ ብሎ የማይጠይቅ ነርስ የለም። ላቡ ከተጻፈ የሚቀጥለው ተረኛ ይጠይቃል። ላቡ ያኔም ነበር እኮ! ታይቷል፣ ልብሱም ተቀይሮለታል፤ ካርዱ ላይ ግን አልሰፈረም።

«ስቴብል» ስለምትለዋም አንድ ነገር ልበል። ስቴብል ቁጥር አይደለም። ሁለት ሰዓት ቆይቶ የመጣ ነርስ የሕመምተኛው የልብ ምት ጨመረ ወይስ ቀነሰ ለማለት የሚያወዳድረው ነገር ያጣል። 112 ብለን ከጻፍን 128 ሲሆን ይታያል።

አንዳንዶቻችሁ በሆዳችሁ «የስኳር መለኪያ ስትሪፕ ከየት ይመጣል?» እያላችሁ ነው። አውቃለሁ። ስትሪፕ የሚያልቅበት ሌሊት አለ። እንግዲያውስ ያንኑ ጻፉት፦ «አርቢኤስ አልተለካም፤ በክፍሉ ስትሪፕ የለም። 3:15 ለተረኛ ሐኪምና ለሱፐርቫይዘር ተነግሯል።» ሐኪሙ ያዘዘውንም ከሰዓቱ ጋር ከሥሩ አስፍሩ፤ ሳይለካም ግሉኮስ ይሰጥ ሊል ይችላል። ይህ ወቀሳ አይደለም፣ ሁኔታው ነው። «አስተዳደሩ ስትሪፕ ስለማይገዛ ሕመምተኛ እየተጎዳ ነው» ብትሉ ግን ካርዱ የክርክር ወረቀት ይሆናል። ለዚያ ሌላ መንገድ አለ፤ እመጣበታለሁ።

ወደዚያ ጠዋት ልመልሳችሁ። ጉዳቱ ከታወቀ በኋላ በዚያ ካርድ ላይ ሁለት ነገር ተጻፈ፤ ሁለቱም ያሳዝናሉ። አንደኛው የቀን ተረኛ «የሌሊት ተረኞች ስኳር ሳይለኩ በቸልተኝነት አሳድረውት» ብሎ ጻፈ። እሱ ሌሊቱን እዚያ አልነበረም። ምን እንደተለካና ምን እንዳልተለካ ከወረቀቱ ውጭ አያውቅም። ቸልተኝነት ይሁን፣ ስትሪፕ ማለቅ ይሁን፣ አንድ ነርስ ለስንት ሕመምተኛ ተመድባ እንዳደረች አልጠየቀም። እሱ የሚያውቀው ይህን ነበር፦ «ከጠዋቱ 1:30 አርቢኤስ 24። እህቱ ‹ትናንት ኢንሱሊን ወግቶ አልበላም› ብላለች።» ከዚያ የሰጠውን፣ ለማን እንደነገረ፣ ሕመምተኛው ምን እንደሆነ። በቃ። የሌሊቱ ክፍተት መጠየቅ አለበት፤ የሚጠየቀው ግን በአደጋ ሪፖርት ቅጽ ላይ ነው እንጂ በካርዱ ላይ አይደለም። እዚያም ቢሆን የሚጻፈው ምን እንደሆነና መቼ እንደሆነ ነው።

ሁለተኛው ደግሞ ይብሳል። ከሌሊቱ ተረኞች አንዱ እኩለ ቀን ላይ ተመልሶ መጣና በባዶው መስመር ላይ ሌሊት እንደጻፈው አስመስሎ ቫይታል ሳይን ሞላ። የቀለሙ መለየት አጋለጠው፤ ከሱ በታች ያለው የጠዋት ማስታወሻም አጋለጠው። እውነት ለክቶ ይሆናል! ለክቶ በቁራጭ ወረቀት ይዞት ይሆናል። ነገር ግን ያንን ካርድ ካየ በኋላ ማን ያምነዋል? ዘግይቶ መጻፍ ነውር አይደለም። ዘግይቶ መጻፉን መደበቅ ነው ነውሩ። በመጨረሻው ማስታወሻ ሥር «ዘግይቶ የተጻፈ» ብላችሁ ጀምሩ፤ አሁን የምትጽፉበትን ቀንና ሰዓት አስቀምጡ፤ ቀጥሎ ነገሩ የሆነበትን ቀንና ሰዓት፤ ከምን አስታውሳችሁ እንደጻፋችሁም፣ ከቁራጭ ወረቀት ከሆነ ከቁራጭ ወረቀት በሉ። ፈርሙ። ስሕተት ከጻፋችሁም አንድ መስመር አስምሩበት፣ የተሰረዘው ይነበብ፣ ፊርማና ሰዓት ይኑረው። ፍሉድ አይነካው።

ሰዓትን ካነሳን፣ እኛ አገር አንድ ጣጣ አለ። ነርሷ 3:10 ትጽፋለች፤ ሞኒተሩ 21:10 ይላል። ሪፈር የተቀበለው ሐኪም 3:10ን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አድርጎ ሊያነበው ይችላል፤ የስድስት ሰዓት ልዩነት ነው። መድኃኒት በየአራት ሰዓቱ የታዘዘለት ሰው እዚህ ላይ ወይ ይደገምበታል ወይ ይዘለልበታል። «ከምሽቱ»፣ «ከሌሊቱ» የምትለዋን ቃል አትዝለሏት። የሪፈር ወረቀት ላይ ደግሞ በየትኛው አቆጣጠር እንደጻፋችሁ በግልጽ አስፍሩ።

አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ፤ ይህንን የምለው ከፊት ወንበር ለተቀመጣችሁት አስተዳዳሪዎች ነው። ነርስ «ደህና ነው፣ ስቴብል ነው፣ ችግር የለም» ብላ የምትጽፈው መጻፍ አቅቷት አይደለም። ካርድ ከመዝገብ ክፍል ወጥቶ ወደ ቢሮ የሚሄደው ሰው ሊቀጣ ሲፈለግ ብቻ መሆኑን ስላየች ነው! ስትሪፕ የለም ብላ እውነቱን የጻፈች ልጅ ተጠርታ «ሆስፒታሉን ለምን ታሳጪያለሽ?» ስትባል አይቻለሁ። ከዚያ ወዲያ ምን ትጽፋለች? ምንም! ባዶ ቃል ትጽፋለች፣ ወይም ራሷን ለማዳን ጓደኛዋን ትከሳለች። እናንተ በካርድ ሰው ስታሳድዱ እኛ በካርድ እርስ በርስ መካሰስ ጀመርን። በመካከል አልጋ ላይ ያለው ሰውዬ ስኳሩ 24 ገባ! ይህ ይቁም። በጌታ ይቁም!

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የአደጋ ሪፖርት ቅጽ ከሠራተኛው የግል ማኅደር ጋር አይያዝ። ቅጹ ሲገባ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን?» ሳይሆን በዚያ ሰዓት በክፍሉ ምን ነበረ፣ ምን አልነበረም፣ ስንት ሰው ተረኛ ነበር የሚል ይሁን። አውቆ ሐሰት የጻፈ ይጠየቅ፤ በዚህ አልከራከርም።

ለእናንተ ለባልደረቦቼ ደግሞ አንድ ነገር። ርክክብ ስታደርጉ የተጻፈውን ብቻ አታንብቡ፤ አልጋው ድረስ አብራችሁ ሂዱና ጥሩት፣ ንኩት፣ ራሳችሁ ያያችሁትን በራሳችሁ ሰዓት ጻፉ። ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ዛሬ ማታ የምትገቡ አላችሁ፤ ከዚያው ጀምሩ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።