አባሮሽን ለማስተማር

ጤና ይስጥልኝ፣ የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን!

ዛሬ የማወራው ስለ አባሮሽ ነው። አዎ፣ ልጆቹ በእረፍት ሰዓት የሚጫወቱት አባሮሽ። ዓመታዊ እቅዳችን ላይ «ባህላዊ ጨዋታዎች» ብለን እንጽፋለን፤ ክፍለ ጊዜው ሲደርስ ግን ልጆቹን ሜዳ ላይ ለቀን ጥላ ፍለጋ ነው። (አትሳቁ፣ እንተዋወቃለን።) ምዕራፉ ሲያልቅ ልጆቹ ምን ቻሉ ብንባል መልስ የለንም።

አባሮሽ በደንብ የሚያስተምረው አንድ ነገር አለ፤ እየሮጡ ድንገት አቅጣጫ መቀየር። ለ3ኛ ክፍል ውጤቱን እንዲህ እንጻፈው፦ ተማሪው እየሮጠ ጉልበቱን አጠፍ ያደርጋል፣ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ በግራ እግሩ ወደ ግራ ሲታጠፍ በቀኝ እግሩ መሬቱን ይገፋል፣ አንገቱን ሳይደፋ አባራሪውን ያያል። ሦስቱም በዓይን የሚታዩ ናቸው።

አሁን ወደ ሜዳው። 60 ልጅ ካላችሁ በ15 በ15 ከፍሏቸው፤ ለእያንዳንዱ ቡድን ጎኑ ከ10 እስከ 12 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን በኖራ ወይም በአመድ አስምሩ። ስፋቱን እንደ ቀላል አትዩት። ሜዳው ሲሰፋ ፈጣኑ ልጅ ቀጥ ብሎ ሮጦ ያመልጣል፣ መታጠፍ አያስፈልገውም፤ ሲጠብ ደግሞ መሮጡ ይቀርና ግንባር ለግንባር መጋጨት ይመጣል። ልጆቹ ሁሉ መስመሩ ዳር ዳር ሲሉ ካያችሁ አባራሪ ጨምሩ። ለ15 ልጅ ሦስት አባራሪ ይበቃል። ሲነካ በእጅ መዳፍ፣ ከትከሻ በታች፤ ልብስ መጎተትና መግፋት የለም።

ሠፈር ውስጥ አንዳንዴ የተያዘ ይወጣል። ክፍል ውስጥ ይህን ሕግ እርሱት። ቀድሞ የሚያዘው መታጠፍ ያልቻለው ልጅ ነው፤ እሱን አውጥተን ዳር ካስቀመጥነው ልምምድ የሚያስፈልገው ልጅ ተመልካች ሆኖ ይቀራል። የተያዘው የአባራሪውን ቦታ ይያዝ፣ ጨዋታው ይቀጥል።

ምዘናውስ? በአንድ ዙር አምስት ልጅ ብቻ ተመልከቱ፣ ለሦስቱ ነጥቦች «አደረገ» ወይም «ገና ነው» በሉ። ስንት ጊዜ እንደተያዘ አትቁጠሩ፣ ያ የሚለካው ፍጥነትን ነው። ብዙ ጊዜ የምታገኙት ችግር ልጁ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ብቻ መታጠፉ ነው፤ ሌላው ደግሞ ሰፊ ክብ እየሠራ የሚዞረው ነው፣ ጉልበቱን ብታዩ አልታጠፈም። እንደዚህ ያለውን ለብቻው ጠርታችሁ፣ ከአንድ ድንጋይ ፊት በዝግታ፣ ከዚያ በሶምሶማ ሁለቱንም ጎን አስሞክሩት፤ ከዚያ ወደ ጨዋታው መልሱት።

«መሐረቤን ያያችሁ»ን ለምን ተውከው የሚለኝ ይኖራል። አልተውኩትም፣ ውጤቱ ሌላ ነው። እሱ የሚያስተምረው ከተቀመጡበት ፈጥኖ መነሣትና ወደ ውስጥ ዘንበል ብሎ በክብ መሮጥን ነው። ደግሞ 15 ልጅ ክብ ሠርቶ ከተቀመጠ የሚሮጡት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ክቡን የ6 ልጅ አድርጉት።