የአስተርጓሚው ዓይን እና የሥራ ማመልከቻው ጉርድ ፎቶግራፍ

[ምስል፦ የሴኡል ከተማ፣ የጋንግናም ሰፈር። የውበት ቀዶ ሕክምና ክሊኒኮች የተደረደሩበት ጎዳና።]

እ.ኤ.አ. በ1954፣ የኮሪያ ጦርነት በቆመ ማግስት፣ አንድ ኮሪያዊ አስተርጓሚ ራልፍ ሚላርድ ወደተባለ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም ሄዶ ዓይኑን ክብ እንዲያደርግለት ጠየቀው። የፈለገው ቁንጅና አልነበረም። ዓይኑ ጠባብ በመሆኑ አሜሪካውያን ሐሳቡን ከፊቱ ማንበብ እንደሚቸግራቸውና እንደማያምኑት ነገረው። የአስተርጓሚ እንጀራ ደግሞ መታመን ነው።

[ምስል፦ የላይኛው የዓይን ቆብ ሥዕል።]

ቆቡን የሚያነሳው ጡንቻ በቀጫጭን ክሮች ከቆዳው ጋር ከተያያዘ፣ ዓይን ሲገለጥ ቆዳው ይታጠፋል። ከምሥራቅ እስያ ሰዎች ግማሽ ያህሉ ይህ ማያያዣ ስለሌላቸው ቆባቸው ያለ እጥፋት ይወርዳል። እጥፋት ለሚፈልግ ሰው ሐኪም ማያያዣውን በስፌት ይሠራል፤ የሚደነዝዘውም የዓይኑ አካባቢ ብቻ ነው። ስፌቱ ከላላ እጥፋቱ ይጠፋል። ከልክ በላይ ከፍ ካለ ደግሞ ዓይኑ የደነገጠ ይመስላል፤ ያንን ማስተካከል ከመጀመሪያው ሥራ ይከብዳል።

ብዙዎች ሰዎች ይህን ቀዶ ሕክምና የሚያደርጉት «ነጭ ለመምሰል ነው» ብለው ይደመድማሉ። እኔ ይህን ለመቀበል አልቸኩልም። ጃፓናዊው ሐኪም ሚካሞ ይህን ሕክምና በጽሑፍ ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው፤ ታካሚዋም አንደኛው ዓይኗ እጥፋት ያለው፣ ሌላኛው የሌለው ሴት ነበረች። የፈለገችው ሁለቱ ዓይኖቿ እንዲመሳሰሉ ነው።

አሁን አንዲት የሴኡል ወጣት እናስብ። ሁለተኛ ደረጃ ስትጨርስ ወላጆቿ ቀዶ ሕክምናውን በስጦታ ይሰጧታል፤ በዚያ አገር የተለመደ ነው። «ለራሴ ብዬ ነው» ትላለች፤ አምናታለሁ። ማንም አላስገደዳትም፤ ገላውም የእርሷ ነው። ሆኖም በኮሪያ የሥራ ማመልከቻ ላይ ጉርድ ፎቶግራፍ መለጠፍ ለረጅም ዘመን የተለመደ ነበር። ጓደኞቿ ዓይናቸውን አሠርተው ከሆነ፣ ያልተነካው ዓይኗ ፎቶግራፉን በሚያየው ቀጣሪ ፊት እንደ ጉድለት መታየት ይጀምራል። እርሷም ዓይኗን ስታሠራ፣ ታናሽ እኅቷን «አልፈልግም» ማለት ይበልጥ ይከብዳታል። እያንዳንዷ በነጻነት መርጣለች፤ የሁሉም ምርጫ ተደምሮ ግን የቀጣዪቱን ምርጫ ያጠብባል። ስለዚህ «ፈቅዳለች ወይ?» የሚለው ጥያቄ ለእኔ አይበቃኝም። «እምቢ ብትል ምን ይቀርባት ነበር?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱ ሥራ ከሆነ፣ መታረም ያለበት ዓይኗ ሳይሆን ቅጥሩ ነው።

[ምስል፦ የፎቶግራፍ ቦታው ባዶ የሆነ ማመልከቻ።]

የኮሪያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2017 የሞከረው ይህንኑ ነው። የመንግሥት ተቋማት ሠራተኛ ሲቀጥሩ ፎቶግራፍ እንዳይጠይቁ አዘዘ። ቀዶ ሕክምናን አልከለከለም፤ ዓይኗን ያሠራችውንም አልወቀሰም። ትእዛዙ ግን የግል ኩባንያዎችን አላካተተም። ወጣቷ ማመልከቻዋን ወደዚያ ከላከች፣ ከትምህርቷና ከችሎታዋ አስቀድሞ ፊቷ ሊታይ ይችላል።