ከ21 ዘንግ 3ቱ ኃይል የላቸውም፦ የትራስ ስሌት ከየት ይጀመር?

[ምስል፦ ቸርችል ጎዳና ከፒያሳ ወደ ለገሃር ቁልቁል ሲታይ። ቀጥሎ ግንባታ ላይ ያለ አዳራሽ፣ ከአምድ አምድ የተዘረጋ የብረት ትራስ።]

ትራስ ስንል የራስጌውን ማለታችን አይደለም። ጣሪያ የሚሸከመውን፣ በሦስት ማዕዘን በሦስት ማዕዘን የተያያዘውን የብረት ዘንግ ነው። ለገሃር አካባቢ ለሚሠራ አንድ አዳራሽ ነው እንበልና አንዱን እስከ መጨረሻው እናስላው።

[ምስል፦ ትራሱ በነጭ ሰሌዳ ላይ ይሳላል።]

ርዝመቱ 18 ሜትር፣ ቁመቱ 4 ሜትር ነው። በየ3 ሜትሩ ይከፈላል። የታችኞቹን መጋጠሚያዎች ከግራ ወደ ቀኝ ከ1 እስከ 7 እንቁጠራቸው። የላይኞቹ ከ12 እስከ 16 ናቸው፤ 12 በ2 አናት ላይ፣ 13 በ3 አናት ላይ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ሁለቱ ጫፎች በሰያፍ ይወርዳሉ፦ 1-12 እና 7-16። የውስጥ ሰያፎቹ ከላይ ተነስተው ወደ መሀል ይወርዳሉ፦ 12-3፣ 13-4፣ እና በቀኝ በኩል አቻዎቻቸው። በ1844 የባለቤትነት መብት የወጣበት የፕራት ዓይነት ይህ ነው። 4 ሜትር ለ18 ሜትር ትራስ በዝቷል፤ ሰያፎቹ ልክ 5 ሜትር ሆነው ስሌቱ ያለ ካልኩሌተር እንዲወጣ ብለን ነው።

ከ3፣ ከ4 እና ከ5 ላይ እያንዳንዳቸው 20 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም ሁለት ቶን ግድም የሚመዝን ዕቃ ተንጠልጥሏል። የጣሪያውንና የብረቱን የራሱን ክብደት ለጊዜው እንተወው። ጭነቱ ግራና ቀኙ እኩል ስለሆነ እያንዳንዱ ድጋፍ 30 ኪሎ ኒውተን ወደ ላይ ይገፋል።

[ምስል፦ የመጋጠሚያ 2 ቅርብ እይታ።]

ብዙ ተማሪ ሪአክሽኑን እንዳገኘ ወዲያው መጋጠሚያ 1 ላይ ማስላት ይጀምራል። ገና ነው። መጀመሪያ ሥዕሉን በዓይን መቃኘት ያዋጣል።

መጋጠሚያ 2ን እዩት። ሦስት ዘንግ ይገናኙበታል፦ 1-2 እና 2-3 በአንድ መስመር አግድም፣ 2-12 ደግሞ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ። ጭነት የለበትም። አግድሞቹ ወደ ላይም ወደ ታችም መሳብ አይችሉም። ታዲያ 2-12 ቢስብ ማን ይመልስለታል? ማንም። ስለዚህ ኃይሉ ዜሮ ነው። 6-16ም በዚሁ ምክንያት ዜሮ ነው። መጋጠሚያ 14 ላይም 13-14 እና 14-15 አንድ መስመር ናቸው፣ ጭነት የለም፤ 4-14 ዜሮ። አንዲት መስመር ሳንጽፍ ሦስት ዘንግ ጨረስን።

ሁለተኛው ምልክት ይህ ነው፦ በአንድ መስመር ላይ ያልሆኑ ሁለት ዘንጎች ብቻ የሚገናኙበት፣ ጭነትም ድጋፍም የሌለው መጋጠሚያ ካለ ሁለቱም ዜሮ ናቸው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። መጋጠሚያ 1 ሁለት ዘንግ ብቻ ስላለው «ሁለቱም ዜሮ» ይባላል፤ ግን 30 ኪሎ ኒውተኑ የሚገባው በእሱ ነው። ድጋፍም ጭነት ነው።

ሌላው ስህተት በመልክ መፍረድ ነው። 3-13 እንደ 2-12 ቀጥ ብሎ ስለቆመ ዜሮ ይመስላል። ግን 3 ላይ ጭነትም ሰያፍም አለ፣ 13 ላይም ሰያፍ አለ። ቅኝቱ ዘንጉን ሳይሆን መጋጠሚያውን ነው የሚጠይቀው።

[ምስል፦ ትራሱ በ3 እና በ4 መካከል በቀይ መስመር ይቆረጣል።]

አሁን ዋናው ጥያቄ፦ ይበልጥ የሚጨመቀው የላይኛው ዘንግ 13-14 ስንት ይሸከማል? በሜተድ ኦፍ ጆይንትስ ለመድረስ 1ን፣ 2ን፣ 12ን፣ 3ን፣ ከዚያ 13ን በተራ መፍታት አለብን። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ሁለት እኩልነት ብቻ ስላለን ከሁለት በላይ ያልታወቀ ኃይል ያለበትን መዝለል እንጂ መጀመር አይቻልም። መጋጠሚያ 1 ላይ ምልክት ከተሳሳታችሁ ደግሞ ስህተቱ እስከ 13 አብሯችሁ ይጓዛል።

ሜተድ ኦፍ ሴክሽንስ በአንድ ቁርጥ ይደርሳል። ቁርጡ ሦስት ዘንግ ይነካል፦ 13-14፣ 13-4 እና 3-4። የግራውን ክፍል ብቻ ያዙ። 13-4 እና 3-4 መጋጠሚያ 4 ላይ ስለሚገናኙ ሞመንቱን እዚያ ብንወስድ ሁለቱም ይጠፋሉ፦

30 × 9 − 20 × 3 = 210

210ን በቁመቱ በ4 ስናካፍል 52.5 ኪሎ ኒውተን፣ ኮምፕሬሽን። አለቀ።

ለ3-4 ሞመንቱን 13 ላይ እንውሰድ፤ የ3 ጭነት በሥሩ ስለሚያልፍ አይቆጠርም። 30 × 6 = 180፣ በ4 ሲካፈል 45 ቴንሽን። ሰያፉ 13-4 የቀረውን ቁልቁል ኃይል ይይዛል፦ 30 − 20 = 10። ሰያፉ 5 ሜትር ረዝሞ 4 ሜትር ስለሚወርድ 10 × 5 ÷ 4 = 12.5 ቴንሽን።

ሦስቱን እርስ በርስ ፈትኗቸው። የሰያፉ አግድም ድርሻ 7.5 ነው፤ 45 + 7.5 = 52.5። ገጠመ። ይህ ካልገጠመ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሞመንት ክንድ ላይ ነው፤ ሰው ከ1 እስከ 4 ያለውን 9 ሜትር ትቶ 6 ይጽፋል።

ቁርጡ ሦስት ያልታወቁ ዘንጎችን ብቻ ይንካ። አራት ከነካ ሦስቱ በአንድ ነጥብ ካልተገናኙ ወይም አንዱ ቀድሞ ካልታወቀ አይፈታም። ዜሮ ዘንጎችን ቀድሞ ማወቅ እዚህም ይረዳል።

[ምስል፦ መጋጠሚያ 1፣ 12 እና 3 በተራ ይበራሉ።]

የሁሉም ዘንግ ኃይል ከተፈለገ ግን ጆይንትስ ይሻላል። ሁሉም ይሳባል ብላችሁ ጀምሩ፤ መልሱ በቅናሽ ምልክት ከወጣ ይጨመቃል ማለት ነው። መጋጠሚያ 1፦ 1-12 በ37.5 ይጨመቃል፣ 1-2 በ22.5 ይሳባል። 2-12 ዜሮ ስለሆነ 2-3ም 22.5 ነው። መጋጠሚያ 12፦ ሰያፉ 12-3 በ37.5 ይሳባል፣ 12-13 በ45 ይጨመቃል። መጋጠሚያ 3፦ ሰያፉ 30 ወደ ላይ ይስባል፣ ጭነቱ 20 ወደ ታች ነው፤ 3-13 በ10 ይጨመቃል። ያ «ዜሮ የሚመስለው» ዘንግ እነሆ። አግድሙም 22.5 + 22.5 = 45 ይሰጣል፤ በቁርጥ ካገኘነው 3-4 ጋር አንድ ነው።

[ምስል፦ 6 ሜትር ቱቦላሬ በ13 እና በ15 መካከል ተዘርግቶ።]

ዜሮ ከሆነ ለምን እንበይደዋለን? ቱቦላሬ በ6 ሜትር ይሸጣል፤ ከ13 እስከ 15 ያለውም ልክ 6 ሜትር ነው። አንድ ሙሉ ብረት ከዘረጉ በኋላ 4-14ን መተው ብረት የቆጠበ ይመስላል። ነገር ግን ያ ብረት በ52.5 እየተጨመቀ ነው። 14 ላይ ከተያዘ የሚጎብጠው ርዝመት 3 ሜትር ነው፤ ካልተያዘ 6 ሜትር። በኦይለር ቀመር ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን የሚያጎብጠው ኃይል ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። 4-14 ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ነው የሚይዘው፤ ወደ ጎን የሚያጎብጠውን የሚከለክሉት ሞራሌዎቹና የጎን ማሰሪያዎቹ ናቸው።

ዜሮነቱም የዚህ ጭነት ብቻ ነው። ያቆየነውን ጣሪያ አሁን እንመልሰው። ሞራሌው 14 ላይ አርፎ 5 ኪሎ ኒውተን ሲጭን 4-14 በዚያው ቅጽበት 5 ይጨመቃል። ዘንጉ ካልተበየደ ግን ያ 5 ኪሎ ኒውተን 6 ሜትሩን ብረት መሀሉ ላይ ወደ ታች ያጎነብሰዋል፤ ብረቱ ደግሞ እየተጨመቀ ነው።