ራስ ምታቱ አልለቅ ሲል

ክቡራን የዩኒቨርሲቲው አመራሮች፣ መምህራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ።

ስለ አእምሮ ጤና በምንነጋገርበት እንዲህ ባለው ቀን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ማለት የተለመደ ነው። ተረቱ እውነት ነው፤ እኔ ግን በሥራዬ የማየው ትንሽ ለየት ይላል። አብዛኛው ተማሪ በሽታውን አይደብቅም፤ በሌላ ስም ይዞት ይመጣል። ክሊኒክ ገብቶ «ራሴን ያመኛል» ይላል። ወይም ጨጓራ፣ ወይም የልብ ምት። ደሙ ለታይፎይድ ይመረመራል፤ የጨጓራ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል።

ይህ ተማሪ እየዋሸ አይደለም። ድባቴና ጭንቀት ሰውነትን በእርግጥ ያሳምማሉ፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ራሱን ያመዋል፣ የተጨነቀ ሰው ሆዱ ይታወካል። ሌላው ምክንያት ደግሞ እኛ ነን። ራሱን ያመመውን ልጅ ጓደኞቹ ሻይ ይዘው ይጠይቁታል። የሥነ አእምሮ ሐኪም ጋ የታየውን ግን «አማኑኤል ደረሰ እንዴ?» እያሉ ይንሾካሾኩበታል። ታዲያ የትኛውን ሕመም ይዞ ቢመጣ ይሻለዋል?

ከብዙ ተማሪዎች ታሪክ ያገጣጠምኩትን አንድ ልጅ ላሳያችሁ። የምህንድስና ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ ከቤተሰቡ ዩኒቨርሲቲ የገባ የመጀመሪያው እሱ ነው። የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤቱ እንዳሰበው አልሆነም። ሁለተኛው ሲጀመር ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መንቃት ጀመረ፤ ከነቃ በኋላ ተመልሶ አይተኛም። በሁለተኛው ሳምንት ኳስ መጫወት ተወ። ቁርስም ቀረ። ጓደኞቹ «ኩራተኛ ሆነ» አሉ፣ እሱ ደግሞ «ሰነፍ ሆንኩ» አለ።

ከዚያ ጫት ገባ። ጅማ ላይ ቆሜ ስለ ጫት ስብከት ብሰጣችሁ ማንም አይሰማኝም፤ ስለዚህ አሠራሩን ብቻ ልንገራችሁ። ትኩስ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር አንጎልን ያነቃል። ልጁ ከሰዓት በኋላ ቅሞ እስከ ሌሊት ያጠናል፣ የቀረችውን እንቅልፍ ያጣል፣ ምርቃናው ሲወርድ ስሜቱ ከነበረበት ዝቅ ይላል፣ በማግስቱ ያንን ለማንሳት እንደገና ይቅማል። አንዳንዱ ምርቃናውን ለመስበር መጠጥ ይጨምርበታል። ከውጭ የሚያየው ሰው «ጫት ነው ያበላሸው» ይላል። ጫቱ አባብሶታል፤ የእንቅልፉ ችግር ግን ከጫቱ በፊት ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት ራሱን እንዳመመው ተናግሮ ክሊኒክ ሄደ። በስምንተኛው ሳምንት ፈተና አመለጠው፤ ለማንም ሳይናገር ሻንጣውን ይዞ ወደ አገሩ ተሳፈረ።

አሁን ይህንኑ ልጅ በሦስተኛው ሳምንት ምክር ክፍል እናስገባው። በሩ ይዘጋል። አማካሪው አርባ አምስት ደቂቃ ያህል ይዞት ይቀመጣል። «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ አያፋጥጠውም፤ እንዴት እንደሚተኛ፣ ምን እንደሚበላ፣ ይወደው ከነበረው ነገር ምኑን እንደተወ ይጠይቀዋል። ካስፈለገ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስለተሰማው ነገር ዘጠኝ አጫጭር ጥያቄዎች ያቀርብለታል። ለእያንዳንዱ ከዜሮ እስከ ሦስት ነጥብ ይያዛል፤ ድምሩ ቢበዛ 27 ነው። 10 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ጠለቅ ያለ ምርመራ ይደረጋል። ቁጥሩ ብቻውን ግን ማንንም ታማሚ አያሰኝም። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ከፍተኛ ነጥብ ሊያመጣ ይችላል፤ ደም ማነስም እንደ ድባቴ ያደክማል። አማካሪው ቁጥሩን ካየ በኋላም ጥያቄውን የሚቀጥለው ለዚህ ነው።

በዚያ ደረጃ ልጁ መድኃኒት ላያስፈልገው ይችላል። ሥራው ትንንሽ ነው፦ እንቅልፍ ቢመጣም ባይመጣም ጠዋት ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት መነሳት፣ ሳምንት ሳይሞላ አንድ ቀን ኳስ ሜዳ መገኘት፣ ጫቱን መቀነስ፣ ስለ ውጤቱም ለአባቱ ምን እንደሚል ከአማካሪው ጋር መለማመድ። ኳሱ ቀልድ አይምሰላችሁ። የተደበተ ሰው «ስሜቴ ሲመለስ እጫወታለሁ» ይላል፤ በአብዛኛው ግን ስሜቱ የሚመለሰው መጫወት ከጀመረ በኋላ ነው።

ሕመሙ ከጠና ወደ ሥነ አእምሮ ባለሙያ ይላካል፤ መድኃኒትም ሊታዘዝለት ይችላል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የድባቴ መድኃኒት ጥቅሙ የሚታወቀው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ነው፤ የአፍ መድረቅ ወይም ማቅለሽለሽ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመጣል። ስለዚህ በአምስተኛው ቀን «አልረዳኝም» ብሎ የሚጥለው ሰው ጉዳቱን ቀምሶ ጥቅሙን ሳያይ ይቀራል። ጸበል የምትሄዱ፣ ቁርአን የምታስቀሩ ቀጥሉ፤ ከሕክምናው ጋር አይጣላም። አደጋው ያለው ለጸሎት ተብሎ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ነው።

አሁን ሁላችሁም ውስጣችሁ ወዳለው ጥያቄ ልምጣ፦ ማን ይሰማል? ለአማካሪ የነገራችሁት ለመምህራችሁ፣ ለዶርም ጓደኛችሁ፣ ለወላጃችሁ አይነገርም። ትራንስክሪፕት ላይም አይጻፍም። ምስጢሩ የሚከፈተው የእናንተ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን ነው፤ ያኔም ሊረዳ ለሚችል ሰው፣ አስፈላጊው ብቻ ይነገራል። ይህን አማካሪው ገና ሲጀምር ሊነግራችሁ ይገባል። ካልነገራችሁ እናንተ ጠይቁት።

ትምህርቱን መቀጠል የማይቻል ሲሆንም መንገድ አለ። በሕክምና ማስረጃ፣ ሪጅስትራርን አሳውቆ፣ በጊዜው ዊዝድሮዋል የሞላ ተማሪ ተመልሶ ለመግባት መነሻ ይኖረዋል። ያ ልጅ ሻንጣውን ብቻ ይዞ ስለሄደ፣ ሲሻለው ሕመሙን ትቶ ከወረቀት ጋር መታገል ይጠብቀዋል።

ለአመራሮቻችን አንድ ነገር ልበል። የምክር ክፍሉ በር ለብቻው ተነጥሎ ከቆመ፣ ወደዚያ የሚራመድ ሁሉ ለምን እንደሚሄድ ይታወቃል። ለሌላ ጉዳይም ሰው በሚመላለስበት ኮሪደር ላይ ይሁን። ተማሪዎች ደግሞ የፈተና ሰሞን ወረፋው ስለሚበዛ በሴሚስተሩ መጀመሪያ ሳምንታት ኑ።

የዶርም ጓደኞች፣ ከእኛ ቀድማችሁ የምታዩት እናንተ ናችሁ። አልጋውን የማይለቅ፣ ዕቃውን ለሰው የሚያድል፣ «ከእኔ ተገላገሉ» የሚል ጓደኛ ካላችሁ፣ ራሱን ስለ ማጥፋት አስቦ እንደሆነ በግልጽ ጠይቁት። ጥያቄው ሐሳቡን አይፈጥርበትም፤ ብዙ ጊዜ የሚናገርበትን ቀዳዳ ይከፍትለታል። «አዎ» ካለ አትከራከሩት፣ አትገሥጹት፣ ብቻውንም አትተዉት። ሌሊት ከሆነ ንጋትን ሳትጠብቁ የዶርሙን ኃላፊ ቀስቅሱና ወደ ሕክምና ማዕከሉ ድንገተኛ ክፍል አብራችሁት ሂዱ። «ለማንም እንዳትናገር» ብሎ ቢያስምላችሁም ይህን መሐላ አፍርሱ።

የቀረውን ሰዓት ለጥያቄዎቻችሁ ትቼዋለሁ። እጅ ማውጣት የማትፈልጉ በወረቀት ጽፋችሁ ወደ ፊት አሳልፉ፤ ስም አያስፈልግም።