አምስት መልእክት፣ አንድም ጥያቄ

እንደምን አመሻችሁ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ። ከሥራ በኋላ ደክሟችሁ ሳለ ለወገን ለመተርጎም ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰው ረጅም ጽሑፍ ይለጥፍላችኋል። ሰላምታ የለውም። “ተርጉሙልኝ” አይልም፣ “ምን ላድርግ” አይልም። ለጥፎ ዝም ይላል።

አንድ ምሽት ቴሌግራሜ አምስት ጊዜ ተከታትሎ ጮኸ። ቴሌግራም አንዱን መልእክት ከ4096 ፊደልና ምልክት በላይ ስለማያስኬደው ረጅም ጽሑፍ እየተቆራረጠ ነው የሚመጣው። ከፈትኩት። የአሜሪካ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው። ላኪው ሚስቱን ከአዲስ አበባ ለማምጣት አይ-130 የሚባለውን ማመልከቻ ያስገባ ወንድማችን ነው። መሥሪያ ቤቱ “ተጨማሪ ማስረጃ አቅርብ” ይለዋል።

እኔ ቁጭ አልኩና ሙሉውን ወደ አማርኛ መለስኩት። ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። ስልክለት፣ “እግዜር ይስጥህ፤ ግን እኮ እንግሊዝኛውን አንብቤዋለሁ” አለኝ። እዚህ አገር 11 ዓመት ኖሯል፤ ለካ ያስጨነቀው ሌላ ነው።

ጉዳዩ አራተኛው መልእክት ውስጥ፣ አንዲት አንቀጽ ላይ ነበር። የጋብቻ ምስክር ወረቀቱ ጥር 12 ቀን 2010 ዓ.ም. ይላል። የቀድሞው ተርጓሚ የወሩን ስም ብቻ ለውጦ “ጃንዋሪ 12፣ 2010” ብሎ አለፈው። በእነሱ አቆጣጠር ግን ቀኑ ጃንዋሪ 20፣ 2018 ነው፤ ባልየውም ማመልከቻው ላይ የሞላው ይህንኑ ነው። ወረቀቱን የሚያየው መርማሪ የስምንት ዓመት ልዩነት ሲያይ ምን ያስባል? ሰውየው የፈለገው ያ አንድ ገጽ በትክክል ተተርጉሞለት፣ የኢትዮጵያው ቀንና የአውሮፓው ቀን ጎን ለጎን ሰፍረውለት፣ ተርጓሚው “ሁለቱን ቋንቋ አውቃለሁ፣ ትርጉሙ ሙሉና ትክክል ነው” ብሎ እንዲፈርምለት ነበር። የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። እኔ ሁለት ቀን አቃጠልኩበት።

ለምን አልነገረኝም? ቅር አላለኝም፣ ይገባኛል። ሰው እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲደርሰው ይደነግጣል። ወረቀቱ ራሱ የሚናገርለት ይመስለዋል።

በዚህ ደብዳቤ ቀን ማቃጠል ደግሞ ከባድ ነው። ለተጨማሪ ማስረጃ የሚሰጠው ጊዜ ቢበዛ 12 ሳምንት ነው፤ አይራዘምም። መልሱም አንድ ላይ ተጠቃሎ ነው የሚገባው። ከተጠየቀው ግማሹን ብቻ ከላከ፣ “በያዛችሁት ወስኑልኝ” እንዳለ ይቆጠርበታል። ስለዚህ እናንተ ገምታችሁ አንዱን ሠርታችሁ ብትሰጡት፣ እሱም አለቀ ብሎ ቢልከው፣ ሌላው ማስረጃ ቀረበት ማለት ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የመጨረሻዋን ቀን ፈልጉ። የተለጠፈ ጽሑፍ ላይ ብዙ ጊዜ አትገኝም። ሰው ኮፒ ሲያደርግ ራስጌውን ይተወዋል፤ ሠንጠረዡም ይበታተናል። ጽሑፉ ከዓረፍተ ነገር መሃል ከጀመረ፣ ወይም ሦስተኛው መልእክት ካለቀበት አራተኛው ካልቀጠለ፣ የጎደለ ነገር አለ። የመጀመሪያውን ገጽ ፎቶ ጠይቁ።

ከዚያ ላኪውን አስቡት። እናት ከሆኑና እንግሊዝኛ የማያነቡ ከሆነ፣ የሚፈልጉት ምን እንደተባለ በአማርኛ መስማት ሊሆን ይችላል። ጠበቃ የያዘ ሰው ወረቀት ማስተርጎም ብቻ ይፈልግ ይሆናል። አንዳንዱ የሚፈልገው “ከለከሉኝ እንዴ?” ለሚለው መልስ ብቻ ነው። መልሱን እንድትጽፉለት የሚፈልግም አለ። ይሄኛው የእኛ ሥራ አይደለም፤ ወደ ጠበቃ ወይም የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ፈቃድ ወደሰጠው ወኪል ምሩት።

እኔ አሁን ቶሎ የምመልሰው እንዲህ ብዬ ነው፦

“ሰላም ወንድሜ። ደብዳቤው ደርሶኛል። አልከለከሉህም፤ ተጨማሪ ማስረጃ ነው የጠየቁህ። ሁለት ነገር ይፈልጋሉ፦ የጋብቻ ወረቀቱ ትርጉም እንዲስተካከልና ትዳራችሁ የእውነት መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ። የመጨረሻው ቀን አልታየኝም፤ የመጀመሪያውን ገጽ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። እኔ ወረቀቱን ልተርጉምልህ ወይስ ደብዳቤውን ላስረዳህ?”

እዩት፣ ምንም ባይመልስልኝ እንኳ አንድ የሚይዘው ነገር ሰጥቼዋለሁ። ጥያቄዬም አንድ ናት፤ ታክሲ እየነዳም ቢሆን መብራት ሲይዘው በአንድ ቃል ይመልሳታል። “ምን ልርዳህ?” ብዬ ብቻ ብጠይቀው ግን ጭንቀቱን መልሼ እሱው ላይ መጫኔ ነው።

አሁን ስልካችሁን አውጡ። ስምና ቁጥሩ የተሰረዘ አንድ ደብዳቤ ግሩፓችን ላይ እለጥፋለሁ፤ ምንም ቃል አልጨምርበትም። የመጀመሪያውን መልሳችሁን ጻፉልኝ፤ አንድ ላይ እናነበዋለን።