ወደ ውስጥ የሚመለስ ጺም

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ።

ጺማችሁ ከርዳዳ የሆነ ወንዶች እስቲ ከመንጋጋችሁ ሥር፣ አንገታችሁን ዳበስ ዳበስ አድርጉት። የሚቆረቁራችሁ ካለ የዛሬው ወሬዬ ለእናንተ ነው።

አንድ የ28 ዓመት ወጣት ወደ ክሊኒኬ መጣ። ሥራው በየቀኑ ሙልጭ ብሎ መላጨት ይጠይቃል። አንገቱ በጠጣር እብጠት ተሞልቷል፤ አንዳንዱ መግል ቋጥሯል። ሁለት ጊዜ አንቲባዮቲክ ወስዷል፤ ሻል ይለውና መላጨቱን ሲቀጥል ይመለስበታል። «ምላጩ መርዞኝ ነው» አለኝ። በአጉሊ መነጽር ሳየው እብጠቱ ውስጥ ጥቁር ክር የመሰለ ነገር ተጠቅልሎ ተኝቷል። የራሱ ጺም ነው።

ከርዳዳ ፀጉር ከቆዳ ሥር ጀምሮ ቆልማማ ነው። ምላጭ ሰያፍ አድርጎ ሲቆርጠው ጫፉ ይሾላል። ከዚያ ሲያድግ ይታጠፍና ከወጣበት ቀዳዳ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆዳውን መልሶ ይወጋል። ሰውነት ደግሞ እንደ ገባበት እሾህ ይቆጥረዋል፤ ያብጣል፣ ያሳክካል። ይህ ወጣት ቆዳውን ወጥሮ፣ ብዙ ስለት ባለው ምላጭ ወደ ላይ ነበር የሚላጨው። እንዲህ ሲሆን ፀጉሩ ተስቦ ይቆረጥና ቆዳው ሲላላ ወደ ውስጥ ይሰወራል፤ ሲያድግም መውጫውን ሳያገኝ ጎኑን ይበሳል። ያጠፋው ጥንቃቄው ነበር ማለት ነው።

የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ግን ሌላ ነው። እዚያ መግሉ የሚቋጥረው በራሱ በፀጉሩ ቀዳዳ ላይ ነው፤ ፀጉሩም ከመሀሉ ብቅ ብሎ ይታያል። ምላጭ ያልነካው ቦታ ላይም ሊወጣ ይችላል። ሕመሙ ከበረታ፣ ቅላቱ ከሰፋ ወይም ትኩሳት ካለ መታየት ያስፈልጋል።

ወጣቱን ለአራት ሳምንት ምላጭ እንዳይነካ ነገርኩት። የመጀመሪያዎቹ ቀናት የባሱ እንደሚሆኑም አልደበቅኩትም፤ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ምላጩን መልሶ የሚያነሳው ያን ጊዜ ነውና። ማታ ማታ ለብ ባለ ውኃ የራሰ ጨርቅ ያሳርፍበታል። ቀለበት ሠርቶ የሚታየውን ፀጉር በአልኮል በጸዳ መርፌ ጫፍ ብቻ ቀና ያደርገዋል። በወረንጦ መንቀል የለም፤ የተነቀለ ፀጉር ሲበቅል ከቆዳ ሥር ሆኖ ይወጋልና። ጺሙ ረዘም ሲል የተቀበረው አብዛኛው በራሱ ኃይል ተስፈንጥሮ ይወጣል።

ከዚያ በኋላ ምላጩን ትቶ በቶንዶስ፣ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል እያስቀረ መከርከም ጀመረ። ይህን የማይፈቅድ ሥራ ያለው ሰው በሌዘር የፀጉሩን ሥር ማዳከም ይችላል፤ ለጥቁር ቆዳ የሚመረጠው የሞገድ ርዝመቱ 1064 ናኖ ሜትር የሆነው፣ ኤንዲ ያግ የተባለው ሌዘር ነው። ብርሃኑን የቆዳው ቀለም አብዝቶ የሚወስደው ሌላ ዓይነት ሌዘር ግን ቆዳውን ሊያቃጥለው ይችላል፤ ከመጀመራችሁ በፊት የመሣሪያውን ዓይነት ጠይቁ።

ወጣቱ በስድስተኛው ሳምንት ሲመለስ አንገቱ ላይ የቀረው ጠቆር ጠቆር ያለ ምልክት ነበር። እሱ ለመደብዘዝ ወራት ይፈጃል። አለቃው ግን ስለ ጺሙ ምንም አላለም፤ አንድ ሚሊ ሜትር ከሩቅ አይታይማ።

አመሰግናለሁ።